የልጄ አካውንት በዕድሜዋ ምክንያት ተዘጋ፣ ፎቶዎቹ ሳይጠፉ እንዴት ላስመልሰው?

ከጠባሴ | መጋቢት 26 ቀን 2018፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ከደብረ ብርሃን ነኝ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ ምከሩኝ፣ ቀን እየቆጠርኩ ነው።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ ስድስተኛ ክፍል። የተወለደችው ኅዳር 12 ቀን 2006 ነው፣ በሚካኤል ዕለት። የዛሬ ሁለት ዓመት አሮጌ ስልኬን ስሰጣት ሰፈራችን ያለ አንድ ሞባይል ቤት ወስጄ የጂሜይል አካውንት አስከፈትኩላት። ልጁ «መቼ ተወለደች?» አለኝ፣ ነገርኩት። ወሩን ኖቬምበር አደረገው፣ ዓመቱን ግን እኔ እንዳልኩት 2006 ብሎ ሞላው። አካውንቱ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ባለፈው መጋቢት 3 ቀን ስልኳን ሳገላብጥ ዕድሜዋ 19 ዓመት ተብሎ አየሁ። ደነገጥኩ። 19 ዓመት ነኝ ላለ ሰው የሚመጣው ነገር ሁሉ ለልጄ እየመጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በፈረንጁ አቆጣጠር አስልቼ ኖቬምበር 21 ቀን 2013 ብዬ አስተካከልኩት። ወዲያው በእንግሊዝኛ ረጅም ጽሑፍ መጣ፣ 14 ቀን የሚል ነገር አለበት፣ እንግዳ ስለነበረብኝ በኋላ አነበዋለሁ ብዬ ዘጋሁትና ረሳሁት።

መጋቢት 17 ቀን ልጄ «አባዬ፣ አካውንቴ አልገባ አለኝ» ብላ መጣች። ተዘግቷል። ለማስተዳደር ዕድሜዋ አይደርስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ አካውንቱ ይጠፋል ይላል። እንግዲህ ሚያዝያ 17 መሆኑ ነው። 21 ቀን ነው የቀረኝ።

የሚያስጨንቀኝ አካውንቱ አይደለም። እናቴ ዓምና አረፈች። የመጨረሻውን ክረምት ልጄ ሰላ ድንጋይ እሷ ጋ ነበር ያሳለፈችው። እናቴ ሱፍ ስትፈትል፣ ቡና ስታፈላ፣ ልጄን ስትመርቅ ድምጿ የተቀዳበት ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ስልኩ ሲሞላ ከስልኩ አጥፍተን ጉግል ፎቶ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሌላ ቦታ የለም።

---

የመንዝ ልጅ | መጋቢት 26፣ ማታ 2:31

ወንድሜ አትጨነቅ፣ ቀላል ነው። ቀኑን መልሰህ 2006 አድርገው። ያስዘጋው ቀኑን መቀየርህ ስለሆነ መልሰህ ስትቀይረው ይከፈታል። የጎረቤቴ ልጅም እንዲህ ሆኖ በዚሁ ነው የተስተካከለው።

---

ሀገር ሰው | መጋቢት 26፣ ማታ 2:40

ይቅርታ አድርግልኝና የ12 ዓመት ልጅ ስልክ ምን ያደርግላታል? ስድስተኛ ክፍል ማለት ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። እኔ ብሆን ተዘጋ ስባል ተመስገን ብዬ ስልኩን ሳጥን ውስጥ እቆልፍበት ነበር።

---

ከጠባሴ | መጋቢት 26፣ ማታ 2:52

@የመንዝ ልጅ ሞከርኩት። ልደት መቀየሪያው ጋ ጭራሽ አያደርስም። ወይ የወላጅ ክትትል ጨምር ወይ ዕድሜን በመታወቂያ ወይም በክሬዲት ካርድ አረጋግጥ ይላል።

@ሀገር ሰው ሐሳብህን አከብራለሁ። ስልኩን የሰጠኋት እናቷ ለሥራ አዳማ ስለምትሰነብት ማታ ማታ እንዲያወሩ ነው። የክፍላቸው ጥያቄና መልስ ወረቀትም በዚሁ ነው የሚላከው። ይቅር ብዬ ብቆልፈው እንኳ የእናቴ ቪዲዮ አብሮ ይጠፋል።

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 26፣ ማታ 3:15

ወንድም፣ ሸዋ ሮቢት ስልክ እጠግናለሁ። ይሄ ጉዳይ በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል፣ አብዛኛውም እንዳንተው ከዓመተ ምሕረቱ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ አትደንግጥ። 30 ቀኑ እስኪያልቅ ፎቶው አለ። አካውንቱ ተቆልፏል እንጂ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ ግን እኔም ማንም አይመልሰውም።

ሁለተኛ የመንዝ ልጅ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ ቀኑን ዝም ብሎ መመለስ አይቻልም። የጎረቤቱ ልጅ ምናልባት 13 ያለፈው ሆኖ በማስረጃ አረጋግጦ ይሆናል። ያንተ ልጅ ግን በእውነት 12 ዓመቷ ነው። እኛ አገር ለጉግል አካውንት ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች 14፣ 16 የሆነበትም አለ። ስለዚህ ለሷ መታወቂያ ማፈላለግ ትርጉም የለውም። ያንተን መታወቂያ አስገብተህ «ባለቤቱ እኔ ነኝ» እንዳትል ደግሞ። አንዳንዱ እንዲህ ያደርጋል። አካውንቱ ቢከፈት እንኳ የትልቅ ሰው ሆኖ ነው የሚከፈተው፣ ተመልሰህ እዚያው 19 ዓመት ላይ ነህ።

ላንተ ያለው መንገድ የወላጅ ክትትል መጨመር ነው። ፋሚሊ ሊንክ ይባላል። አካውንቱ ያው ይሆናል፣ ፎቶውም ኢሜይሉም ያው ይሆናል፣ ብቻ ካንተ አካውንት ጋር ይታሰራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የልጅህን ፓስወርድ ታውቀዋለህ?

---

ከጠባሴ | መጋቢት 26፣ ማታ 3:22

አላውቀውም። ልጁ ነው የሞላው። ስልኩ ላይ ሁሌም ክፍት ስለነበር ጠይቆን አያውቅም።

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 26፣ ማታ 3:41

እንግዲያው ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ክትትል የሚጨመረው በልጅቷ ኢሜይልና ፓስወርድ ከተገባ በኋላ ነው። አሁን ስልኩ ላይ «አልገባም» የሚለው ገጽ ፓስወርዷን ይጠይቃል። ከሌለህ «ፓስወርድ ረሳሁ» ብለህ መሄድ አለብህ። ኮዱ የሚላከው ደግሞ አካውንቱ ሲከፈት በተመዘገበው ስልክ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ የማን ነው? ሞባይል ቤቶች ብዙ ጊዜ ደንበኛው እንዳይጉላላ ብለው የራሳቸውን ቁጥር ይሰጣሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከተለወጠ አለቀ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ እዚያ ሞባይል ቤት ሂድ። ገጹ የቁጥሩን የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ያሳይሃል፣ ከልጁ ቁጥር ጋር አስተያየው። ሲሙ ካለው እዚያው ቁጭ ብላችሁ ኮዱን ተቀበሉ።

ሌላ ነገር፣ ሙከራውን በልጅቷ ስልክ አድርግ። በማታውቀው ኮምፒውተር ወይም በጓደኛህ ስልክ አትሞክር። ጉግል አካውንቱ ሲሠራበት የኖረውን ስልክና ቦታ ያያል፣ ያ ሲሆን የበለጠ ያምናል። ደጋግመህ ከተሳሳትክም ለጊዜው ይከለክልሃል፣ እና በግምት አትነካካው።

---

እናት ከሩቅ | መጋቢት 26፣ ማታ 4:05

ወንድሜ እግዜር ይርዳህ፣ የእናትህን ነፍስ ይማር። የኔም ጉዳይ ይሄው ስለሆነ ነው የምጽፈው። እኔ ጅዳ ነኝ፣ ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ደብረ ሲና ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው። እዚህ ሆኜ ስልኩን ልከታተልለት ብዬ ፋሚሊ ሊንክ አውርጄ ሞከርኩ። ልጁ ያለበት አገርና የኔ አገር አንድ አይደለም ብሎ መለሰኝ። በስደት ያለን እናቶች ምን እናድርግ? የሚከፈል ነገር ካለ እከፍላለሁ።

---

ቤቢ ደብረ ብርሃን | መጋቢት 27፣ ጠዋት 1:20

የኔ ልጅም የቲክቶክ አካውንቷ በዕድሜ ተዘጋ። 400 ተከታይ ነበራት፣ ሦስት ቀን አለቀሰች። እንግዲህ ፋሚሊ ሊንክ ካወረድኩ ይመለስልኛል ማለት ነው? ዛሬውኑ ላውርደው።

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 27፣ ጠዋት 2:02

@ቤቢ ደብረ ብርሃን አይመለስም እህቴ። ፋሚሊ ሊንክ የጉግል ነው። ቲክቶክ ሌላ ድርጅት ነው፣ የራሱ ይግባኝ አለው፣ የሱም ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ነው። ልጅሽ 13 ካልሞላት ይግባኙ ምንም አያመጣም። ፋሚሊ ሊንክ የሚያደርግልሽ ቲክቶክ ስልኳ ላይ እንዲጫን መፍቀድ ወይም መከልከል ነው፣ የተዘጋ አካውንት መክፈት አይችልም።

@እናት ከሩቅ ያንቺን አንብቤዋለሁ፣ ከባድ ስለሆነ አስቤበት እመለሳለሁ።

---

መምህር ከአንኮበር | መጋቢት 27፣ ከሰዓት 8:30

ጤና ይስጥልኝ። የጠጋኙን ምክር ወድጄዋለሁ፣ እኔ ግን ተቃራኒው ነው የደረሰብኝ።

ልጄ የተወለደው ግንቦት 2003 ነው። በፈረንጁ 2011 መሆኑ ነው፣ ዘንድሮ 14 ዓመቱን ጨርሶ 15 ሊሞላ ነው። አካውንቱ ላይ 2003 ተብሎ ተጽፎ ስለነበር ባለፈው ሳምንት ላስተካክል ገባሁ። ወረቀት ላይ አስልቼ 2011 ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስሞላው ደግሞ ያንን የኛን ዓመት መስሎኝ እንደገና ስምንት ደመርኩበትና 2019 አልኩ። የ14 ዓመት ልጅ የስድስት ዓመት ሕፃን ሆኖ ቁጭ አለ። አሁን 14 ቀን ሰጥቶኛል፣ ስድስቱ አልፏል። ልጁ መታወቂያ የለውም። የትምህርት ቤት መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት አለው። ይቀበሉት ይሆን?

በነገራችን ላይ ለሁላችሁም፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ለተወለደ 7 ነው የሚደመረው፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተወለደ ግን ጃንዋሪ ውስጥ ስለሚገባ እሱም 8 ይሆናል። ለዚህ ነው የከጠባሴ ልጅ 2006 የነበረው 2013 የሆነው፣ የኔ ደግሞ 2003 የነበረው 2011።

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 27፣ ማታ 1:10

መምህር፣ እርስዎ ስምንት ቀን ስላለዎት ከከጠባሴ ይሻላሉ፣ አካውንቱ ገና አልተቆለፈም። መጀመሪያ አስፈላጊ ፎቶና ፋይል ካለ ዛሬውኑ አውርደው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ይሄን ዛሬ ያድርጉት፣ ሌላው ይደርሳል።

ስለ ወረቀቱ፣ የሚጠይቀው የመንግሥት መታወቂያ ነው። ፓስፖርት ያለው ልጅ አይቸገርም። የትምህርት ቤት መታወቂያ አንድ ደንበኛዬ ሞክሮ አልተቀበሉትም። የልደት ምስክር ወረቀት የሞከረ ሰው አላየሁም፣ ስለዚህ ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። ይሞክሩት። ካልሆነ ግን ጊዜው ከማለቁ በፊት ክትትል ይጨምሩበትና አካውንቱን ከመዘጋት ያድኑት። ከዚያ የዓመቱን ነገር ተረጋግቶ መከራከር ይቻላል። ልጁ ጥቂት ጊዜ እንደ ሕፃን ይቆጠራል፣ ያ ደግሞ 15 ሊሞላ ላለ ልጅ ደስ አይልም፣ አስቀድመው ይንገሩት።

---

የመንዝ ልጅ | መጋቢት 27፣ ማታ 1:35

እሺ ተሳስቻለሁ፣ የጎረቤቴን ልጅ ጠየቅኩት፣ ፓስፖርት ነበረው። ይቅርታ ከጠባሴ።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ፋሚሊ ሊንክ ቪዛ ካርድ ይጠይቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ደግሞ የውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ያለው ማን ነው?

---

ከጠባሴ | መጋቢት 28፣ ማታ 2:25

ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሞባይል ቤቱን አገኘሁት። ቦታ ቀይሯል፣ ልጁ ግን እሱው ነው። ቁጥሩ የሱ ነበር፣ ሲሙንም አልቀየረውም። ኮዱ መጣ፣ አዲስ ፓስወርድ አወጣን፣ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ከተትኩ። የማገገሚያውን ቁጥር ወደ እኔ መቀየር ግን አልቻልኩም፣ አካውንቱ ዝግ ስለሆነ ሴቲንግ ውስጥ አያስገባም።

ከዚያ ቤት መጥቼ በልጄ ስልክ ገባሁ። ያው ገጽ መጣ። ክትትል ጨምር የሚለውን ነካሁ። የወላጅ ኢሜይል ጠየቀኝ፣ የኔን አስገባሁ፣ የኔን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ከዚያ ምን ምን ማየትና መከልከል እንደምችል የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ አለ። እሱን እኔ ብቻ ሳልሆን ልጄም አይታ ራሷ መስማማት አለባት። ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። «አባዬ የት እንዳለሁ ታያለህ ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «እሺ» አለች።

@የመንዝ ልጅ እኔን ካርድ አልጠየቀኝም፣ ፓስወርዴን ብቻ ነው።

ግን መጨረሻው ላይ ቆመብኝ። ስልኩ ላይ ያሉ ሌሎች አካውንቶች ይነሱ ይላል። ስልኩ ላይ የኔ የድሮ አካውንትና የባለቤቴም አለ፣ ባለቤቴ ቅዳሜና እሑድ ስትመጣ በዚሁ ስልክ ነው የምትጠቀመው። ሳነሳቸው የሚጠፋ ነገር ይኖራል ብዬ ፈርቼ አቆምኩት።

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 28፣ ማታ 2:50

ጎሽ! ትልቁን ተሻግረሃል።

አካውንትን ከስልክ ላይ ማንሳትና አካውንትን ማጥፋት የተለያዩ ናቸው። ስታነሳው ኢሜይሉና ፎቶው ጉግል ጋ ይቀራል፣ በሌላ ስልክ ስትገባ ታገኘዋለህ። ሊጠፋ የሚችለው ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ለምሳሌ በባለቤትህ አካውንት ስም የተመዘገቡ ስልክ ቁጥሮች ካሉና ወደ ጉግል ካልተላኩ አደጋ አላቸው። ኮንታክት ውስጥ ገብተህ መላካቸውን እይ። የሷን ፓስወርድም ሳታነሳው በፊት ጠይቃት፣ በኋላ የልጅሽ ታሪክ ተደገመ እንዳትላት።

በክትትል ሥር ያለ የሕፃን አካውንት የትልቅ ሰው አካውንት ካለበት ስልክ ላይ አብሮ አይቀመጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ልጅ ወደ እናቷ አካውንት ገልበጥ ብላ ክትትሉን ትዘለዋለች። እኛ ጋ አንድ ስልክ ለቤተሰብ ስለሆነ ይሄ ሰውን ያስቸግራል። ስለዚህ አስቡበት፣ ይሄ ስልክ ከዛሬ ጀምሮ የልጅቷ ነው።

---

ከጠባሴ | መጋቢት 29፣ ጠዋት 4:05

ተከፈተ! ተከፈተ!

ለባለቤቴ ደውዬ ፓስወርዷን ጠየቅኳት፣ ኮንታክቱን አየሁ፣ ሁለቱን አካውንት አነሳሁ፣ እሺ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ገባ። ፎቶው ሁሉም አለ። የእናቴ ቪዲዮ አለ። «ያሳድግሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ» የምትልበት ቦታ ላይ ልጄም እኔም አለቀስን። የማገገሚያ ቁጥሩን ወዲያው ወደ ራሴ ቀየርኩ፣ ቪዲዮዎቹንም ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ።

ጠጋኙ፣ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

---

ሀገር ሰው | መጋቢት 29፣ ጠዋት 4:30

እንኳን ደስ ያለህ። የእናትህን ነገር ሳላስብ ነው መጀመሪያ የጻፍኩት። አሁንም ግን ሰዓት ገድብባት፣ ፈተናው ደርሷል።

---

ከጠባሴ | መጋቢት 30፣ ማታ 4:40

@ሀገር ሰው አደረግሁት፣ ግን አልሠራም። ማታ 3 ሰዓት እንዲቆለፍ ጠዋት 12 እንዲከፈት ሞላሁ። አሁን 4 ሰዓት ተኩል አልፏል፣ ልጄ ዩቲዩብ ላይ ናት። ምን አጥፍቼ ነው?

---

ጠጋኙ ሮቢት | መጋቢት 30፣ ማታ 4:48

3:00 ነው የሞላኸው? ይሄ ከዓመቱ ጋር አንድ ነው። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው። ባንተ 3:00 ማለት ለሱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያኔ ይቆልፍና የሚከፈተው በኛ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ስልኳ ተቆልፎ ብታገኘው አይድነቅህ። ማታ 3 ሰዓት እንዲሆን 9:00 ፒኤም፣ ጠዋት 12 እንዲሆን 6:00 ኤኤም በል። ሁልጊዜ 6 ደምር ወይም ቀንስ።

ሲቆለፍ ስልክ መደወል ትችላለች ወይ ብለህ ከተጨነቅህ፣ የሚደወልላትን ታነሳለች፣ የድንገተኛ ጥሪም ይሠራል። የሚቆለፈው አፑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል። ልጅቷ አዲስ አፕ ለማውረድ ስትፈልግ ጥያቄው ወደ አንተ ስልክ ይመጣል። ዳታ ካልከፈትክ አይደርስህም፣ እሷም ትጠብቃለች። መንዝ ወይም ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከሄድክ ይሄን አስታውስ። ስልኩ ተቆልፎባት በጣም ካስፈለጋት ደግሞ አንተ ጋ ያለው ፋሚሊ ሊንክ የወላጅ ኮድ ያወጣል፣ በስልክ ደውለህ ትነግራታለህ። ልጅቷ ኢንተርኔት ባይኖራትም ኮዱ ይሠራል። ይሄን ብዙ ወላጅ አያውቀውም፣ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ክትትሉን ጭራሽ ያነሳዋል።

---

ቤቢ ደብረ ብርሃን | ሚያዝያ 1፣ ጠዋት 3:15

እኔም ልጄ ላይ አደረግሁት። ለቲክቶኩ ሳይሆን ለዩቲዩቡ። አሁን ግን ቪዲዮ ሥር ኮሜንት መጻፍ አልቻልኩም ብላ ትነጫነጫለች። የምታየውም ቀንሷል። ይሄ ይስተካከላል?

---

ከጠባሴ | ሚያዝያ 1፣ ጠዋት 3:50

እኔም አይቼዋለሁ። ከ13 በታች በሆነ አካውንት ኮሜንት መጻፍና ቪዲዮ መጫን አይፈቀድም። የምታየው ነገር ግን ሦስት ደረጃ አለው፣ ከጠባቡ እስከ ሰፊው፣ እሱን አንቺ ትመርጫለሽ። እኔ መካከለኛውን መረጥኩ። ጠባቡ ላይ የሒሳብ ማስተማሪያ ቪዲዮዎች እንኳ ጠፍተውባት ነበር። ሰፊውን ደግሞ ገና አልደፈርኩም።

---

መምህር ከአንኮበር | ሚያዝያ 2፣ ማታ 1:20

የልደት ምስክር ወረቀቱን በፎቶ ላክሁ፣ አልተቀበሉትም። ሦስት ቀን ስለቀረኝ ዛሬ ክትትል ጨመርኩ፣ አካውንቱ አልተዘጋም። ልጄ ግን ተቆጥቷል። «የስድስት ዓመት ልጅ አደረግኸኝ» ይላል፣ እውነቱን ነው። ፓስፖርት ለማውጣት አዲስ አበባ መውረድ ለዚህ ብቻ ብዙ ነው። ዓመቱን ያስተካከለ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

---

ጠጋኙ ሮቢት | ሚያዝያ 2፣ ማታ 2:00

መምህር፣ እስካሁን ያስተካከለ አላጋጠመኝም፣ ካየሁ እዚሁ እጽፋለሁ።

@እናት ከሩቅ ይቅርታ ዘገየሁ። ወላጁና ልጁ አንድ አገር መሆን አለባቸው፣ ደንቡ እንዲህ ነው፣ በክፍያም አይለወጥም። የሚሆነው ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ የምታምኚው ሰው ወላጅ ሆኖ መመዝገብ ነው። እናትሽ ስማርት ስልክ አላቸው?

---

እናት ከሩቅ | ሚያዝያ 2፣ ማታ 3:30

እናቴ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ወንድሜ አለ፣ ግን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። እሱ የወላጅ ቦታ ቢይዝ ሰዓቱንም አፑንም የሚፈቅደው እሱ ይሆናል። እኔ ልጄ የት እንዳለ እንኳ የምሰማው ከሱ ነው። ለልጄ ይሻል እንደሆነ ግን እስማማለሁ። አሁን ሌሊት ሥራ ልገባ ነው፣ እረፍት ስወጣ እደውልለታለሁ።

---

ከጠባሴ | ሚያዝያ 2፣ ማታ 3:44

እህቴ፣ ወንድምሽ ካልመቸው ደብረ ሲና መንገዴ ነው። ከፋሲካ በኋላ በዚያ አልፋለሁ። እናትሽ ካሉ ስልኩን አብረን እናያለን፣ ወንድምሽ በስልክ መስመር ላይ ይሁን። የልጁን ፓስወርድ ብቻ አስቀድመሽ አግኚ፣ የተመዘገበውም ቁጥር የማን እንደሆነ እወቂ።